መርዋ ካርዷን ስትሰጥ

«ያለ ምክንያት» የሚባል ነገር አልወድም። ሰው እንኳን ሊማታ፣ ያለ ምክንያት አያስነጥስም። ዳይሬክተራችን አቶ ሸዋንግዛው ቢሮ ጠርተውኝ «ቲቸር በየነች፣ ይቺ መርዋ የምትሏት ልጅ ያለ ምክንያት ሰው ትመታለች። ወላጆች አምርረዋል። ወይ መላ አምጪ፣ ወይ እናቷ ቤቷ ትውሰዳት» ሲሉኝ፣ «ምክንያቱን አላወቅነውም ይበሉ» አልኳቸው። ሳቁብኝ። የወላጅና የመምህራን ኮሚቴ በወሩ መጨረሻ ይሰበሰባል፤ የልጅቷ ቁርጥ የሚነገረው ያን ቀን ነው ብለው አሰናበቱኝ።

መርዋ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት አለባት። አፏን የሚሞሉት ቃላት «እማ»፣ «ውሃ» እና «እንቢ» ናቸው፤ «እንቢ»ንም ቢሆን የምትለው ደስ ሲላት ነው። እናቷ ዘሀራ ከትምህርት ቤታችን በር ፊት ለፊት ልብስ ትሸጣለች። አባትየው ከጅማ እቃ ያመላልሳል፣ ልጅቷን የምትይዘው እሷው ናት። እኔ የልዩ ፍላጎት ክፍል መምህርት ነኝ። መርዋ ጠዋት አንደኛ ክፍል ገብታ ከሌሎቹ ልጆች ጋር ትማራለች፤ ረፋዱ ላይ ወደ እኔ ትመጣለች። የምትመታው እዚያ አንደኛ ክፍል ውስጥ ነው። እኔ ጋ ስትሆን እጇ ሰውን አይነካም።

አንደኛ ክፍልን የሚያስተምረው ጥበቡ ጓደኛዬ ነበር። «ነበር» የምለው ሆን ብዬ ነው። ከጌጫ የመጣ፣ ቀልድ የማያልቅበት፣ ምሳችንን ከአንድ ሳህን የምንበላ ሰው። ክፍሉ ደግሞ በአንድ ነገር ስሙ የሚነሳ ነው። በከተማችን በሚዛን ዝናብ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጠው ሌሎቻችን ተሸንፈን ልጆቹን ሥዕል እናስላቸዋለን። ጥበቡ አይሸነፍም። ሀምሳ ምናምን ልጅ አስነስቶ ፊደሉን በኅብረት ያስጮኻቸዋል፤ ዝናቡ በበረታ ቁጥር እነሱም ይብሳሉ። «የጥበቡ ልጆች ዝናብ አይፈሩም» ይባላል። እውነቱን ለመናገር እኔም እኮራበት ነበር።

ምክንያቱን ለማወቅ አንድ መንገድ ነው ያለው፤ ቁጭ ብሎ ማየት። ጠዋት ጠዋት የጥበቡ ክፍል ጥግ ላይ ወንበር ይዤ ተቀመጥኩ። የምጽፈው ሦስት ነገር ነው። ከመምታቷ በፊት ምን ነበረ? ምን አደረገች? ከመታች በኋላስ ምን አገኘች? የራሴን ልጆች ማስተማር ሲኖርብኝ ጥበቡ ይጽፍልኛል። መጀመሪያ «ዛሬ ክፋቷ ተነሳ» ብሎ ጽፎ ሰጠኝ። «ክፋት አይታይም፤ ያየኸውን ጻፍ» አልኩት። በማግስቱ «አጠገቧ የተቀመጠችውን ልጅ ትከሻ በቀኝ እጇ መታች» ብሎ አመጣ። እንዲህ ቶሎ የሚገባው ሰው ነበር።

ዘሀራንም ሱቋ ሄጄ ጠየቅኳት። ቤት ውስጥ መቼ ትመታለች? መቼስ አትመታም? እንቅልፏ እንዴት ነው? የሚያማት ነገር አለ? ዘሀራ ቀሚስ እያጠፈች መለሰችልኝ። ሰው ሲሰበሰብና ሲንጫጫ እንደምትበሳጭ፣ ድሮ ለሠርግ ወስዳት የአክስቷን ፊት እንደቧጠጠች ነገረችኝ። ጆሮዋን አሟት እንዳይሆን አማን ከተማ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ ጤነኛ ነው አሉን።

ነገሩ ቀስ እያለ ተገለጠ። ፀሐይ በሆነ ቀን ልጆቹ ሲጮኹ መርዋ አፏን ከፍታ አብራቸው ለመጮህ ትሞክራለች። ዝናብ ዘንቦ ክፍሉ ጸጥ ካለም ጆሮዋን ይዛ ትቀመጣለች። ዝናቡና ጩኸቱ አንድ ላይ ሲመጡ ግን አገጯን ትከሻዋ ላይ ትደፋለች፣ ጆሮዋን ታሻለች፣ በሩን ታያለች። ከዚያ አጠገቧ ያለውን ሰው ትመታለች። ከመታችስ በኋላ? ጥበቡ ይቆጣል፣ ዘበኛው እጇን ይዞ መንገዱን ያሻግራትና ዘሀራ ሱቅ ያስቀምጣታል። እዚያ በልብሱ ክምር መካከል ጸጥታ አለ፤ እናቷ ፊቷን ጠርጋ ታቅፋታለች።

ወረቀቶቹን ዘርግቼ ለጥበቡ ሳሳየው ራሱን ያዘ።

«ስለዚህ እኛ ስንቀጣት እሷ የምትፈልገውን እየሰጠናት ነበር?»

«ከጩኸቱ መውጣት ነው የፈለገችው። ውጪ አውጡኝ የምትልበት ቃል የላትም፤ እጇን ስትሰነዝር ግን በሩ ይከፈታል። እኛው ነን ያስተማርናት።»

«ወይ ጉድ» አለ። ከልቡ ነበር ያለው፤ ዛሬም እንደዚያ አምናለሁ።

ለዘሀራ ስነግራት ግን አለቀሰች። «ወላሂ ቲቸር፣ ሲያመጧት ምን ላድርግ? አቅፌያት ነው እንዲህ ያበላሸኋት?»

«ማቀፍሽን አትተይ» አልኳት። «መንገዱን ነው የምንቀይረው። መትታ ያገኘችውን ጠይቃ እንድታገኘው።»

ለመጠየቂያ ካርድ ሠራሁላት። የበረንዳችንን አግዳሚ ወንበር በስልኬ አንስቼ አሳተምኩትና በላስቲክ አሸግኩት። ዘሀራ ደግሞ ልብስ የምትሰቅልበትን ቀይ መቆንጠጫ ሰጠችን፤ በሱ ደረቷ ላይ ይንጠለጠላል። መርዋ ካርዱን መዝዛ ለመምህሩ ከሰጠች ወዲያው በረንዳ ትወጣለች፣ ትንሽ ተቀምጣ ትመለሳለች፣ ስትመለስም ቀለል ያለ ሥራ ይጠብቃታል። ወንበሯን ወደ በሩ አስጠጋነው። ዝናብ ሲመጣ ጥበቡ የልጆቹን ድምፅ ዝቅ ሊያደርግ፣ ከመጀመሩም በፊት ሊያስጠነቅቃት ተስማማ። ብትመታ ደግሞ የተመታውን ልጅ ማራቅና ማባበል፣ እሷን አለመቆጣት፣ ወደ ቤት አለመስደድ፤ እጇ ጋብ ሲል ወደ ካርዱ መምራት፣ ስትሰጥ ማውጣት። አቶ ሸዋንግዛው ያሉበት ተቀምጠን ነው የተዋዋልነው።

ጥበቡ አንድ ጥያቄ ነበረው። «በፈለገች ቁጥር ልትወጣ ነው?»

«ለጊዜው በፈለገች ቁጥር። ካርዱ እንደሚሠራ ስታምን ‹ትንሽ ቆይ›ን እናስተምራታለን። አሁን ግን አንዴ ሰጥታ ከከለከልካት፣ የማይዋሻት እጇ ብቻ እንደሆነ ነው የምታውቀው። ያኔ ከበፊቱ ይብሳል።»

«ቃሌ ነው፣ በየኑ» አለኝ።

ልምምዱን ፀሐይ በሆነ ቀን፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ጀመርን። ጥበቡ ፊት ለፊቷ ይቆማል፣ እኔ ከኋላዋ ሆኜ ምንም ሳልናገር እጇን ወደ ካርዱ እመራለሁ። መዝዛ ትሰጠዋለች፤ እሱ ይቀበልና «ዕረፍት፣ እሺ መርዋ» ብሎ በሩን ይከፍታል። እጄን ቀስ በቀስ አነሳሁ። አንድ ጠዋት ማንም ሳይነካት ካርዱን መዝዛ መዳፉ ላይ አኖረችለትና ፊቱን ቀና ብላ አየችው። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእናቷ ሌላ ሰውን አንድ ነገር የጠየቀች ያን ቀን ነው፤ የጠየቀችውም ጥበቡን ነው። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

መጀመሪያ ሰሞን ባሰባት። ብትመታ ሱቅ የሚወስዳት ስለጠፋ አብዝታ መታች። እንደሚሆን አስቀድሜ ነግሬያቸው ስለነበር ጥርሳችንን ነክሰን ቻልነው። ከዚያ መብረድ ጀመረ። ዝናብ ሲመጣ አገጯ ትከሻዋ ላይ ይደፋል፣ እጇ ወደ ጎን ሊሄድ ይልና ወደ ደረቷ ይመለሳል። ካርድ፣ በረንዳ፣ መመለስ። ዘሀራ ከሱቋ ሆና በረንዳው ላይ የተቀመጠች ልጇን ስታይ እጇን ታውለበልብላታለች። አቶ ሸዋንግዛው ሳይቀሩ «እንዲህም ይሆናል ለካ» አሉ። ኮሚቴው እስኪሰበሰብ እንዲሁ ብንቀጥል መርዋ ቦታዋን እንደማታጣ እርግጠኛ ነበርኩ።

እንግዶች የመጡት ስብሰባው ሊደርስ ሲል ነው። ከትምህርት ቢሮ፣ የንባብ ትምህርት ሊያዩ። ጥበቡ ለእንግዳና ለስብሰባ ብቻ የሚያወጣትን ግራጫ ኮቱን ለብሶ መጣ። ቴፒ አካባቢ የሱፐርቫይዘር ቦታ ክፍት መሆኑን፣ እሱም መወዳደሩን ሁላችንም እናውቃለን፤ «ዛሬ ሙሽራ ነህ» ብዬ ኮሌታውን አስተካከልኩለት።

እኔ ክፍሌ ውስጥ ሳለሁ ዝናቡ ወረደ። ወዲያው የጥበቡ ልጆች ተነሱ። ድምፃቸው ዝቅ አላለም፤ እንዲያውም እንደዚያ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም። «አይ፣ ጥበቡ ያውቃል፣ ትወጣለች» ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ትንሽ ቆይቶ የልጅ ዋይታ ሰማሁና ሮጥኩ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ የአቶ ሕዝቅያስ ልጅ ምሕረት አፍንጫዋ ይደማል። እንግዶቹ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። መርዋ ጥግ ላይ ሁለት እጇን ጨብጣ ቆማለች። ደረቷ ላይ ቀዩ መቆንጠጫ አለ፤ ካርዱ የለም።

«ካርዷስ?» አልኩት ጥበቡን።

«እንጃ፣ ወድቆ ይሆናል።»

«አልሰጠችህም?»

«አልሰጠችኝም። ድንገት ተነስታ መታቻት» አለና ዓይኑን ከዓይኔ አሸሸ። «ያለ ምክንያት።»

ያንን ቃል ከሱ አፍ ስሰማ አንድ ነገር ቆረጠኝ። ወረቀቶቹን አብሮኝ የጻፈ ሰው ነው። ቢሆንም ልጠረጥረው አልፈለግኩም፤ ዴስክ ለዴስክ እየተንበረከክሁ ካርዱን ፈለግኩ። እሱም አብሮኝ ተንበርክኮ ፈለገ። ዛሬ ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ያ አብሮኝ መፈለጉ ነው።

አዲስ ካርድ ሠርቼ ብሰጣት መርዋ መሬት ላይ ጣለችው። ደግሜ ሰካሁላት፣ ደግማ ጣለች። በነዚያ ቀናት እኔንም ሳይቀር መታችኝ።

ስብሰባው አንደኛ ክፍል ውስጥ ሆነ፤ ሰፊው እሱ ነው። ወላጆቹ በልጆቻቸው ዴስክ ላይ ተጣበው ተቀመጡ። ዘሀራ መርዋን የምትተውበት ሰው ስላጣች ይዛት መጥታ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። አቶ ሕዝቅያስ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቡና ነጋዴ ናቸው፣ ለትምህርት ቤቱ ዴስክ ያሠሩትም እሳቸው ናቸው። «እኔ በልጅቷ ላይ ቂም የለኝም» አሉ። «ግን የኔም ልጅ ልጅ ናት። ነገ ዓይኗን ብትላትስ? መምህሩ ይንገረን። ዕቅድ አላችሁ ተብሎ ነበር፤ ሠራ ወይስ አልሠራም?»

ጥበቡ ተነሳ። ግራጫ ኮቱን ለብሷል። «እኔ እንደተባልኩት ሁሉንም ፈጽሜያለሁ» አለ፣ ወደ እኔ ሳያይ። «ቲቸር በየነች ብዙ ደክማለች። ነገር ግን አልሠራም። ልጅቷ ያለ ምክንያት ነው የምትመታው።»

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ። ተረቱን ስንቴ ብያለሁ፤ ትርጉሙ የገባኝ ያን ሰዓት ነው። ለመናገር ተነሳሁ። ምን ልበል? ያየሁት ነገር የለም። በእጄ ያለው ባዶ መቆንጠጫ ነው። ዘሀራ እኔን እኔን ታያለች፤ ዓይኗ «አንቺም ተውሽኝ?» ይል ነበር።

በዚህ መሃል ዝናቡ መጣ። ወላጆቹ ለመደማመጥ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ አንዱ ከአንዱ በላይ ሲጮኽ ክፍሉ የጥበቡ ክፍል ሆነ። መርዋን አየኋት። አገጯ ትከሻዋ ላይ ነው። ጆሮዋን አሸች። በሩን አየች። በዴስኮቹ መካከል ወደ እሷ መግፋት ጀመርኩ፤ ሳልደርስባት ተነሳች።

የሄደችው ወደ በሩ አይደለም። ወደ ጥበቡ ነው። ሰዎቹ እጃቸውን ፊታቸው ላይ እያደረጉ ገለል አሉላት፤ አቶ ሕዝቅያስ «ያዟት» አሉ። ጥበቡ ወደ ኋላ አለ፣ ሰሌዳው አገደው። መርዋ እጇን ዘረጋችና ኮቱን ያዘች። የጎን ኪሱን ከፍታ እጇን እስከ አንጓዋ አስገባች። ስታወጣው በረንዳው ያለበት ካርድ በእጇ ነበር።

ከእንግዶቹ ቀን ወዲህ እስከ ስብሰባው ያን ኮት አልለበሰውም ነበር። ካርዱን ኪሱ ውስጥ ረስቶታል። እሷ አልረሳችም።

የቆርቆሮው ድምፅ ብቻ ቀረ። መርዋ ካርዱን ይዛ አልሸሸችም። ለራሱ ለጥበቡ መልሳ ዘረጋችለት። ያንን ሁሉ አድርጎባትም ልምምድ ላይ እንደነበረው ቀና ብላ አየችውና ጠበቀችው። ጥበቡ ካርዱን አየው፣ ወላጆቹን አየ፣ አፉን ከፈተ። እጁ ግን አልተንቀሳቀሰም።

ሌላኛው እጇ መጨበጥ ሲጀምር ደረስኩ። ለኮሚቴው የምናገረው ብዙ ነገር ነበረኝ። ጥበቡን በሰው ፊት ላዋርደው አምሮኝ ነበር፤ እውነቱን ነው የምናገረው። ነገር ግን ካርድ ሲሰጥ ወዲያው ነው፤ ንግግሬን እስክጨርስ ቆይ ማለት እሱ ያደረገውን መድገም ነው። ካርዱን ተቀበልኳት። «ዕረፍት፣ እሺ መርዋ» አልኩና ስብሰባውን ጥዬ አብሬያት ወጣሁ።

በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። በመስኮቱ የዘሀራ ድምፅ ይሰማኛል። ለወትሮው ለደንበኛ እንኳ ድምፅዋን አታነሳም። «አያችሁ? ጠየቀችው። ልጄ ጠየቀችው» ትላለች። ከዚያ አቶ ሕዝቅያስ፣ «ጥበቡ፣ ያን ቀንም ሰጥታህ ነበር?» መልሱን ዝናቡ ወሰደው። በኋላ ዘሀራ እንደነገረችኝ «ሁለቴ ሰጠችኝ» አለ። ሁለቴ። በመጀመሪያው ፊቱን አዞረባት፣ በሁለተኛው ተቀብሎ ኪሱ ከተተው።

አቶ ሸዋንግዛው ወጥተው «ትቀጥላለች፤ ዕቅዱም ይቀጥላል» አሉኝ። አቶ ሕዝቅያስ ልጃቸውን ከመርዋ አጠገብ እንዲያነሱላቸው ብቻ ጠየቁ፤ መብታቸው ነው። ሰዉ ሁሉ ከሄደ በኋላ ጥበቡ በረንዳው ላይ መጣ።

«በየኑ፣ እንግዶቹ ፊት ነው። ክፍሌን ጥላ ስትወጣ ምን ይላሉ ብዬ። ትንሽ ብትታገስ ብዬ ነው። ደሙን ሳይ ደግሞ ፈራሁ።»

«ፈርተህ ዴስክ ሥር አብረኸኝ ፈለግክ?»

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ።

«እኔ ትልቅ ሴት ነኝ፣ ስድብ አውቃለሁ፤ ከአንተ ጋር ቀስ ብዬ እተሳሰባለሁ። እሷ ያለቻት አንዲት ቃል ናት። እሷኑ ሰረቅካት።»

ጎንበስ ብሎ መዳፉን ለመርዋ ዘረጋላት። መዳፉን አየችው። ካርዱን ከጭኔ ላይ አነሳችና ወደ ደረቷ ያዘችው።

የአንደኛ ክፍል መምህር እሱ ብቻ ስለሆነ አሁንም እሱ ጋ ነው የምትማረው። የቴፒው ቦታ ለሌላ ሰው ሆነ። ጥበቡ ዛሬ ዝናብ ሲጀምር ልጆቹን ዝም ያሰኛል፤ ክፍሉ እንደ ሌሎቻችን ክፍል ሥዕል ይሥላል። መርዋ አትመታም። ባለፈው «አየሽ፣ ዕቅድሽ ሠራ» አለኝ፤ እንድታረቀው ይፈልጋል።

ሠርቷል። ግን ጆሮዋን ማሸት ስትጀምር እሱ ፈጥኖ መዳፉን ይዘረጋላታል፣ እሷ መዳፉን ታልፈዋለች። በረንዳውንም ታልፈዋለች። ጭቃውን ረግጣ፣ ግቢውን በዝናብ አቋርጣ እኔ ክፍል በር ላይ ትቆማለች። ካርዱ ይንጠባጠባል፣ እሷም ትንጠባጠባለች። የማስተምረውን አቋርጬ ካርዷን እቀበላታለሁ።